የመጽሐፍ ሠንጠረዥ በስልክ ስታነሱ፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ገጽ?

ልጆች፣ ባለፈው ሴሚስተር ከላካችሁልኝ ፎቶዎች አንዱን እስካሁን አልሰረዝኩትም። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ነው፤ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች ሠንጠረዥ። ተማሪዋ ጥራዙን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ዘርግታ ሁለቱንም ገጽ በአንድ ጊዜ አንስታዋለች። ስልኳ ላይ ሲታይ ጥርት ያለ ነበር። እኔ ጋ በቴሌግራም ሲደርስ ግን አራዳ 211,501 ይሁን 217,501 መለየት አቃተኝ። እሷም ቤቷ ገብታ ከዚያው ከላከችው ፎቶ ኤክሴል ላይ ስትገለብጥ 217,501 ብላ ጻፈች። አራዳ በአንድ ሌሊት 6,000 ሰው ተጨመረላት።

የዘንድሮው ሥራም እንደዚያው ከጥራዝ ላይ ሠንጠረዥ መገልበጥ ስለሆነ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ምን አማራጭ እንዳላችሁ፣ የቱ የት እንደሚያዋጣ፣ የቱ የት ጉድ እንደሚሠራችሁ ጽፌላችኋለሁ።

አንድ ገጽ ወይስ ሁለቱን አንድ ላይ?

ትልቁ ውሳኔ ይኼ ነው። ስለ ካሜራ ጥራት የምታወሩትን ያህል ስለዚህ ብታወሩ ደስ ይለኛል።

አብዛኛው ስልክ የሚያስቀምጠው ፎቶ ወደ 12 ሜጋፒክስል ነው። ሳጥኑ ላይ 50 ወይም 108 ቢልም፣ ካልቀየራችሁት በስተቀር ብዙውን ጊዜ የሚሰጣችሁ ይኼንኑ ነው። 12 ሜጋፒክስል ማለት በረጅሙ ጎን 4032፣ በአጭሩ 3024 ነጥብ ማለት ነው። አንድ ኤፎር ገጽ ፎቶውን ጥንቅቅ አድርጎ ከሞላው፣ 297 ሚሊ ሜትሩ 4032 ነጥብ ይደርሰዋል። ለአንድ ሚሊ ሜትር 13 ወይም 14 ነጥብ ነው። በቆጠራ ጥራዞች ውስጥ እንዳሉት ዓይነት ቁመቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ አኃዝ 27 ነጥብ ያህል ቁመት ያገኛል። ይኼ ያለ ጭንቀት ይነበባል።

ሁለቱን ገጽ አንድ ላይ ስታነሱስ? አሁን ያው 4032 ነጥብ የሚከፋፈለው ለ420 ሚሊ ሜትር ነው። አኃዙ ወደ 19 ነጥብ ይወርዳል። አሁንም ይነበባል፤ ግን ዳር ላይ ቆማችኋል። እጃችሁ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ፣ ወይም ጠረጴዛውንና የጓደኛችሁን ቦርሳ ጭምር ብታስገቡበት፣ ከዚያም በታች ትወርዳላችሁ። በእኔ ልምድ ከ20 ነጥብ በላይ የሆነ አኃዝ አያጨቃጭቅም። ከ10 በታች የሆነውን ግን አናነበውም፤ እንገምተዋለን። 3ን ከ8 የሚለየው በግራ በኩል ያለው ክፍተት ብቻ ነው፤ 1ን ከ7 የሚለየው ደግሞ አናቱ ላይ ያለችው ሰረዝ ናት። አኃዙ 6 ነጥብ ቁመት ብቻ ሲኖረው ያቺ ክፍተትም ያቺ ሰረዝም አንድ ነጥብ ናቸው። አንድ ነጥብ ደግሞ በቀላሉ ትጠፋለች።

ስለዚህ መልሴ አንድ ገጽ በአንድ ፎቶ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የምታነሱት ለካርታነት ብቻ ነው። የቱ ዓምድ የት እንዳለ ለማስታወስ አንድ ታነሳላችሁ፤ ከዚያ አትገለብጡም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር አለ። ሠንጠረዡ በሁለት ገጽ የተዘረጋ ከሆነ፣ የክፍለ ከተሞቹ ስም በግራው ገጽ ላይ ብቻ ነው ያለው። የቀኙን ለብቻው ስታነሱት ስም የሌለው የቁጥር ክምር ይሆናል። ስትገለብጡ ዓይናችሁ አንድ ረድፍ ይዘልና የቦሌን ለጉለሌ ትሰጣላችሁ። መፍትሔው ርካሽ ነው። ከደብተራችሁ ጣት የምታህል ወረቀት በቁመቱ ቅደዱ። ከረድፎቹ ትይዩ 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ እስከ መጨረሻው ጻፉበት። መጀመሪያ በግራው ገጽ ስሞቹ አጠገብ አስቀምጣችሁ አንሱ፤ ከዚያ ያችኑ ወረቀት በቀኙ ገጽ ዳር አድርጋችሁ ሌላ አንሱ። ጥራዙ ላይ ግን በእርሳስም ቢሆን ምንም እንዳትጽፉ።

ተራ ካሜራ፣ የስልክ ስካን ወይስ ፎቶ ኮፒ ቤት?

ብዙዎቻችሁ "ቲቸር፣ በስካን ባነሳው አይሻልም?" ትሉኛላችሁ። እንደ ገጹ ነው።

የስልክ ስካን፣ የጎግል ድራይቩም ይሁን የአይፎን ኖትስ፣ ሦስት ነገር ይሠራል። የገጹን ጠርዝ ይፈልጋል፤ ጠማማውን ያቃናል፤ ከዚያ ቀለሙን ያደምቃል። የተነጠለና ጠፍጣፋ ወረቀት ከሆነ፣ ለምሳሌ ከቢሮ የተሰጣችሁ አንድ ቅጠል፣ ከዚህ የተሻለ የለም። ጥራዝ ላይ ግን ሦስቱም ያታልሏችኋል።

ጠርዝ ሲፈልግ ነጭ ገጽ በነጭ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ጠርዙን አያገኘውም። የሠንጠረዡን መስመር ጠርዝ መስሎት ከዚያ ይቆርጠዋል። ርዕሱም የግርጌ ማስታወሻውም አብሮ ይሄዳል። ይኼ ቀላል ኪሳራ እንዳይመስላችሁ። የቆጠራው ሠንጠረዥ ርዕስ ላይ 2007 ሊል ይችላል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን የሚነግራችሁ ከጎኑ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። እሱ ከተቆረጠ በእኛው 2007 ብላችሁ ትጽፉና ቆጠራውን 8 ዓመት ታንከባልሉታላችሁ። "ቁጥሮቹ በሺህ ናቸው" የሚለው መስመርም የሚቀመጠው እዚያው ርዕሱ ሥር ነው። ከጥራዙ በታች ጥቁር ሻርፕ ወይም ጃኬት ብታነጥፉ ግማሹ ችግር ይቀላል።

ሲያቃና ደግሞ ገጹ ጠፍጣፋ ነው ብሎ ያስባል። ወደ ስፌቱ የጎበጠውን አይዘረጋላችሁም። ለስፌቱ ቅርብ የሆነው ዓምድ እንደጎበጠ ይቀራል፤ ቁጥሮቹ ይቀጥናሉ፣ እርስ በርስም ይጠጋጋሉ። ትልቁ ድምር እዚያ ዓምድ ላይ ከሆነ በጣም የምትፈልጉት በጣም የተጨመቀው ሆነ ማለት ነው።

ከሁሉም የምፈራው ማድመቁን ነው። ጥቁርና ነጭ የሚለውን ከመረጣችሁ፣ እያንዳንዷ ነጥብ ወይ ቀለም ወይ ወረቀት እንድትሆን ትገደዳለች። መካከለኛ ግራጫ የለም። የ6 እና የ8 ሆድ ይደፈናል። የአሥርዮሽ ነጥብና ኮማ ደግሞ ቆሻሻ መስለውት ያጠፋቸዋል። 12.5 በመቶ የነበረው 125 ሆኖ ቁጭ ይላል። ገጹ ነጭ፣ ፊደሉ ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ ግን "ዋው፣ እንዴት ጠራ!" ትላላችሁ። ስካን የምትጠቀሙ ከሆነ ከለር ወይም ግራጫ ምረጡ። ውበቱ ይቅርባችሁ።

ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጠፍጣፋ ስካነርስ? በ300 ዲፒአይ ቢያነሳላችሁ ለአንድ ሚሊ ሜትር 12 ነጥብ ያህል ነው። የ2 ሚሊ ሜትሩ አኃዝ 24 ነጥብ ያገኛል። አያችሁ፣ ስልካችሁ ገጹን በደንብ ከሞላው ከሚሰጣችሁ አይበልጥም። የስካነሩ ጥቅም ሌላ ነው፤ ወረቀቱ ይጨፈለቃል፣ ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው፣ እጅ አይንቀጠቀጥም። በጣም ደቃቅ የግርጌ ማስታወሻ ካለ ደግሞ 600 አድርጉልኝ ማለት ትችላላችሁ፤ ነጥቡ በእጥፍ ያድጋል። አራት ኪሎም ስድስት ኪሎም ስካን የሚያደርግ ቤት አታጡም። ግን "ስካን አርግልኝ" ብቻ ካላችሁት ማሽኑ ላይ ባለው ነው የሚያነሳው፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥቁርና ነጭ ነው። "ከለር፣ 300" ብላችሁ ንገሩት። ፍላሻችሁንም ከነቫይረሱ ይዛችሁ እንዳትመለሱ።

ስካነር አይሳሳትም የሚል ካለ ይኼን ይስማ። በ2013 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ክሪሴል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ሳይንቲስት የአንድ ቤት ፕላን በዜሮክስ ማሽን ተነስቶ ሲወጣ የክፍሎቹ ስፋት መቀየሩን ደረሰበት። ዋናው ላይ 14.13፣ 21.11 እና 17.42 የነበሩት ሦስት ክፍሎች፣ ቅጂው ላይ ሦስቱም 14.13 ሆነዋል። ማሽኑ ፋይሉን ለማሳነስ ሲል የሚመሳሰሉ ቁርጥራጮችን አንዱን በሌላው ይተካ ነበር። የሚያስደነግጠው ቅጂው ምንም ያልደበዘዘ መሆኑ ነው። የተሳሳተውም ቁጥር ጥርት ብሎ ይነበባል።

ለማንኛውም ስካነር ቤት የምትሄዱት ጥራዙን ይዞ መውጣት ከተፈቀደ ነው። የቤተ መጻሕፍት ቆጠራ ጥራዝ ብዙውን ጊዜ አይወጣም። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የእኔ ምርጫ ተራው ካሜራ ነው።

ተራውን ካሜራ ከመረጣችሁ

መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። አምፖል ከአናታችሁ በላይ ከሆነ የራሳችሁና የስልካችሁ ጥላ ሠንጠረዡ መሃል ይወድቃል። የክረምት ደመና ለሌላው ነገር አይመችም እንጂ ለዚህ ግሩም ነው፤ ጥላም ነጸብራቅም የለውም። ፍላሹን አጥፉት። የካሜራውን ማለቴ ነው። የሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ ፍላሽ መሃሉን ነጭ አድርጎ ሁለት ረድፍ ይበላል፤ በዚያ ላይ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይፈቀድም።

ስልኩ ከገጹ ጋር ትይዩ ይሁን። ከጠረጴዛው ጋር አላልኩም፤ ከገጹ ጋር። የተዘረጋ ወፍራም ጥራዝ ገጹ ወደ ስፌቱ ያዘነብላል። ዝቅ ያለው ሽፋን ሥር ሌላ መጽሐፍ ደግፉና ገጹን አስተካክሉት። ስፌቱን በክንድ መጫን የለም፤ መጽሐፉ ከእናንተ በኋላም ሰው ይፈልገዋል። ትይዩ መሆናችሁን ለማወቅ የካሜራውን ፍርግርግ መስመር አብሩትና ከሠንጠረዡ መስመር ጋር አስተያዩት። የሠንጠረዡ ግራና ቀኝ መስመሮች ወደ ላይ እየጠበቡ ከሄዱ ስልኩ አዘንብሏል፤ የላይኞቹ ረድፎች አኃዝ ከታቾቹ ያንሳል ማለት ነው።

በጣም አትጠጉ። ከአንድ ስንዝር ርቀት ስታነሱ ዳር ዳሩ ይለጠጣል፣ ጥላችሁም ይገባል። ስልካችሁ ራሱን የቻለ የማቅረቢያ ሌንስ ካለው ትንሽ ራቅ ብላችሁ በ2 እጥፍ አንሱ። ከሌለው ግን ዙሙን አትንኩት። ያለ ሌንስ ዙም ማድረግ ፎቶውን ቆርጦ ማሳደግ ብቻ ነው፤ ነጥብ አይጨምርም።

እንዴት ትልኩታላችሁ?

የአራዳን ቁጥር ያበላሸው በዋናነት ይኼ ነው። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ስትልኩ ያሳንሰዋል፤ ረጅሙ ጎን አብዛኛውን ጊዜ ወደ 1280 ነጥብ ይወርዳል። ያችን የሁለት ገጽ ፎቶ አስቡ። 1280 ነጥብ ለ420 ሚሊ ሜትር ሲካፈል ለአንድ ሚሊ ሜትር 3 ነጥብ ነው። ስልኳ ላይ 19 ነጥብ የነበረው አኃዝ እኔ ጋ ሲደርስ 6 ነጥብ ሆነ። ጥፋቷ ፎቶ አለመቻል አልነበረም። አንድ ገጽ ብቻ አንስታ በዚያው መንገድ ብትልከው እንኳ 8 ወይም 9 ነጥብ ነበር የሚደርሰኝ።

መፍትሔው የወረቀት ማያያዣውን ምልክት ነክታችሁ ከጋለሪው ይልቅ `File` የሚለውን መምረጥ ነው። ያኔ ፎቶው እንዳለ ይሄዳል። ክብደቱ ከጥቂት መቶ ኪሎባይት ወደ ጥቂት ሜጋባይት ያድጋል፤ ዳታ ይበላል፣ አውቃለሁ። ዋይፋይ እስክታገኙ ጠብቁና ላኩ፤ ማታም ብትልኩልኝ ችግር የለም። በትክክል መሄዱን ለማወቅ ከላካችሁ በኋላ መጠኑን እዩ። 150 ኪሎባይት ካለ ተጨምቋል፤ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ካለ ደህና ነው። እናንተም ስትገለብጡ ከጋለሪያችሁ ካለው ዋናው ፎቶ ገልብጡ እንጂ ቻቱ ላይ ካለው አይደለም።

ጥራዙን ከመመለሳችሁ በፊት

ፎቶውን ከፍታችሁ በጣም ደቃቁን ነገር ፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ የግርጌ ማስታወሻው ነው። እሱ ከተነበበ ሌላው ይነበባል። አራቱንም ማዕዘን እዩ። መሃሉ ጠርቶ ዳሩ የሚደበዝዝ ፎቶ ብዙ ነው።

ከዚያ ድምሩን ሥሩ። የአዲስ አበባው ሠንጠረዥ እንዲህ ነው። ያኔ ክፍለ ከተሞቹ 10 ነበሩ፤ ለሚ ኩራ ገና አልተወለደም።

| ክፍለ ከተማ | ሕዝብ |
|---|---|
| አዲስ ከተማ | 255,372 |
| አቃቂ ቃሊቲ | 181,270 |
| አራዳ | 211,501 |
| ቦሌ | 308,995 |
| ጉለሌ | 267,624 |
| ቂርቆስ | 221,234 |
| ኮልፌ ቀራንዮ | 428,895 |
| ልደታ | 201,713 |
| ንፋስ ስልክ ላፍቶ | 316,283 |
| የካ | 346,664 |
| ድምር | 2,739,551 |

ኤክሴል ላይ ርዕሱ 1ኛው፣ ክፍለ ከተሞቹ ከ2ኛ እስከ 11ኛ፣ የታተመው ድምር 12ኛው ረድፍ ላይ ከሆነ ይኼን ጻፉ፦

```
=SUM(B2:B11)-B12
```

0 ካመጣ ደህና ነው። የተማሪዋ ሠንጠረዥ 6000 አመጣ። አሁን ሁሉንም ከመጀመሪያው ከማንበብ ይልቅ ጥቂት አስቡ። ልዩነቱ ድፍን 6,000 ከሆነ የተሳሳተው የሺህ ቤት ላይ ያለ አንድ አኃዝ ሳይሆን አይቀርም፤ በ6 ጨምሯል። በዓይን የሚምታታና በ6 የሚለያይ ምን አለ? 1 እና 7። የሺህ ቤቱ 1 መሆን የሚችለው የት የት ነው? አቃቂ ቃሊቲ፣ ቂርቆስ፣ ልደታ፣ እና 7 ተብሎ የተነበበው አራዳ። ከአሥር ረድፍ አራት ቀረ። ሦስቱ 1 ሆነው ተጽፈዋል፤ 7 ሆኖ የተገኘው አራዳ ነው። ጉለሌም በሺህ ቤቱ 7 ስላለው እሱንም አንድ ጊዜ ማየት አይከፋም።

ልዩነቱ ለ9 ሳይቀር የሚካፈል ከሆነ ግን መጀመሪያ ጣታችሁን ጠርጥሩ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞችን ስታቀያይሩ ሁልጊዜ ለ9 የሚካፈል ልዩነት ይመጣል። የቦሌን 308,995 በስህተት 380,995 ብትሉት ልዩነቱ 72,000 ነው፤ ለ9 ሲካፈል 8,000። እንዲህ ያለው ከፎቶው ሳይሆን ከመተየቡ የመጣ ነው፤ ተመልሳችሁ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። 6,000 ለ9 አይካፈልም፤ ስለዚህ ፎቶውን ጠረጠርን።

ይኼ ዘዴም ሁሉን አይዝም። ሁለት ስህተቶች ተጣፍተው ድምሩ ልክ ሊመጣ ይችላል። ወንድና ሴት ለየብቻ ካለ በረድፉም ደምሩ። በከተማው ደረጃ ወንድ 1,305,387፣ ሴት 1,434,164 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ ያንኑ 2,739,551 ይሰጣሉ። በቁመትም በአግድምም የገጠመ ሠንጠረዥ ላይ እኔ ራሴ ብዙ አልነካካም።

ተማሪዋ በነጋታው ተመልሳ ሄደች። የጥራዙን ሽፋን በሌላ መጽሐፍ ደግፋ፣ የተቆጠረች ወረቀት ከጎን አድርጋ፣ ግራውን ለብቻ ቀኙን ለብቻ አነሳች። ሁለት ፋይል ላከችልኝ፤ አንዱ 3.4 ሜጋባይት ነበር። አጉልቼ አራዳ ላይ ስደርስ የ1 አናት ላይ ምንም ሰረዝ አልነበረም።